«አርባ እጥፍ» የት ይበቃል?

ፌሮ አሳሪን «ሁለት ብረት ሲቀጠል ስንት ይደራረባል?» ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱ ምላሱ ላይ ነው፦ «አርባ ዲያሜትር!» ባለ 16 ከሆነ 64 ሴንቲ፣ ባለ 12 ከሆነ 48 ሴንቲ። ሜትሩን ይዘረጋል፣ ይለካል፣ በጥቁር ሽቦ ሁለት ሦስት ቦታ ይጠመዝዝና ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ደንቡ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ከአለቃ ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ አዲስ ገቢ እየተላለፈ የመጣ ነው። ከባዶ የተፈጠረ ቁጥርም አይደለም። ችግሩ፣ አርባ እጥፍ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ ትክክለኛ መልስ ሆኖ ሳለ በየሳይቱ ለሌላ ጥያቄ መመለሻ መዋሉ ነው።

ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው፦ አንድ ብረት ኮንክሪት ውስጥ ተቀብሮ ሳይመዘዝ ሙሉ ጉልበቱን እንዲያወጣ ስንት ርዝመት መቀበር አለበት? መሐንዲሶች «ዴቨሎፕመንት ሌንግዝ» የሚሉት ይህን ነው፤ እኛ እዚህ መያዣ ርዝመት እንበለው። ሁለተኛው፦ አንዱ ብረት አልቆ ሌላው ሲቀጥል ሁለቱ ጎን ለጎን ስንት መተኛት አለባቸው? ሳይት ላይ ኦቨርላፕ የሚባለው ነው። ሁለቱ መንታ ይመስላሉ፤ ሲሰላ ግን ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ አንዳንዴ እስከ አንድ ተኩል እጥፍ።

ነገሩን በአንድ ቢም ላይ እንየው። ስፋቱ 25፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በሦስት ኮለኖች ላይ ያረፈ ሲሆን ኮለኖቹ ከመሃል እስከ መሃል 6 ሜትር ተራርቀዋል። ኮለኖቹ 40 በ40 ናቸው፤ ስለዚህ ቢሙ ከዳር እስከ ዳር 12 ሜትር ከ40 ነው። ከታች ሦስት ባለ 16፣ ከላይም ሦስት ባለ 16 ፌሮ አለው። ኮንክሪቱ በዲዛይኑ ላይ ሲ 25/30 ተብሎ ተጽፏል፤ ብረቱ ደግሞ 500 ሜጋ ፓስካል የሚሸከም ነው። ፌሮ የሚሸጠው በ12 ሜትር ቤርጋ ስለሆነ፣ የዚህ ቢም ባለቤት ወደደም ጠላም ብረቱን አንድ ቦታ ላይ መቀጠል አለበት።

ቢሙ ሸክም ሲያርፍበት ይጎብጣል። በሁለቱ ኮለኖች መካከል ታችኛው ገጽ ይወጠራል፤ በመካከለኛው ኮለን ላይ ደግሞ ተገልብጦ ላይኛው ገጽ ይወጠራል። ኮንክሪት ግፊትን ይችላል፤ ስበትን አይችልም፤ ቶሎ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ በኋላ የሚስበው ብረቱ ብቻ ነው። አንድ ባለ 16 ፌሮ የደህንነት ቅናሹ ተነስቶለት በዲዛይን የሚታመንበት ጉልበት 87 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ወደ 9 ቶን የሚጠጋ ስበት ማለት ነው። ይህ ሁሉ ጉልበት ከብረቱ ወደ ኮንክሪቱ የሚያልፈው በብረቱ ገጽ በኩል ብቻ ነው።

ገጹ በአንድ ሚሊ ሜትር ርዝመት ምን ያህል ይይዛል? ኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው በአውሮፓ ኮድ ላይ የተመሠረተው የኮንክሪት ስታንዳርድ፣ ለሲ 25/30 ኮንክሪትና ጥርስ ላለው ፌሮ፣ በጥሩ ሁኔታ ለተሞላ ኮንክሪት የሚሰጠው የቁርኝት ጥንካሬ 2.7 ሜጋ ፓስካል ነው። የባለ 16 ፌሮ ዙሪያ 50 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ርዝመት ወደ 136 ኒውተን ያልፋል፤ 14 ኪሎ ግድም። 87 ሺህ ኒውተኑን ለ136 ስታካፍሉት 644 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ይህን በ16 ብታካፍሉት 40 እጥፍ ሆነ።

ስለዚህ የፌሮ አሳሪው አርባ እውነት ነው። ግን የመለሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው፤ ያውም ከቢሙ ግርጌ የተኛን ብረት ብቻ ነው። ኦቨርላፕ ገና አልተጠየቀም።

ወደ ኦቨርላፑ ከመሄዳችን በፊት ብረት ኮንክሪትን እንዴት እንደሚይዝ ማየት ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ብዙ ሰው ሲሚንቶው ብረቱ ላይ እንደ ሙጫ የተጣበቀ ይመስለዋል። መጣበቁ አለ፤ ግን ትንሽ ጉልበት ሲመጣ ይላቀቃል። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት በፌሮው ገጽ ላይ የምናያቸው ጥርሶች ናቸው። ብረቱ ሲሳብ እያንዳንዱ ጥርስ ከፊቱ ያለውን ኮንክሪት ይገፋል፤ ግፊቱ ደግሞ ቀጥታ ወደፊት ሳይሆን ሰያፍ ነው፤ ወደፊትም ወደ ጎንም። ግንድ ላይ እንደተመታ ሽብልቅ ኮንክሪቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ለመፈልቀቅ ይታገላል። ለዚህ ነው ቀጭን ሽፋን ያለው ብረት ቶሎ የሚለቀው፤ ኮንክሪቱ በብረቱ ርዝመት ልክ ተሰንጥቆ ይከፈታል። ስታፋዎቹ ይህን መፈልቀቅ ስለሚገቱ፣ ከሸር በተጨማሪ ለቁርኝትም ይሠራሉ።

አሁን ሁለት ብረቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል እንበል። አንዱ ጉልበቱን ለኮንክሪቱ ያስረክባል፤ ኮንክሪቱ ለሌላኛው። ብረቶቹ በቀጥታ የሚሰጣጡት ነገር የለም። የታሰሩበት ሽቦ ብረቶቹ በሙሌት ጊዜ እንዳይንሸራተቱ ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለውም፤ «ጥብቅ አድርጌ አስሬዋለሁ» የሚለው መከራከሪያ ለኦቨርላፕ ርዝመት ምንም አይጨምርለትም። እንዲያውም ኮዱ ብረቶቹ መነካካት አለባቸው አይልም፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ50 ሚሊ ሜትር ወይም ከብረቱ ውፍረት አራት እጥፍ እንዳይበልጥ ነው የሚፈልገው። የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው፦ የሁለቱም ጥርሶች በአንድ ስፍራ ኮንክሪቱን ይፈለቅቃሉ፤ በተለይ በኦቨርላፑ ሁለት ጫፎች ላይ ጉልበቱ ይከማቻል። ሦስቱም ፌሮዎች በአንድ መስመር ከተቀጠሉ ደግሞ መሰንጠቁ ከአንዱ ጥንድ ወደ ሌላው ተያይዞ መላውን የቢሙን ገጽ ይገሸልጠዋል።

ኮዱ ይህን የሚያስተናግደው በማባዣ ቁጥር ነው። በአንድ ስፍራ የሚቀጠሉት ብረቶች ከሩብ ካልበለጡ ማባዣው 1 ነው፤ አንድ ሦስተኛ ከሆኑ 1.15፣ ግማሽ ከሆኑ 1.4፣ ከዚያ ከበለጡ 1.5። በእኛ ቢም ሦስቱም የታች ፌሮዎች በአንድ ቦታ ቢቀጠሉ 644 በ1.5 ተባዝቶ 966 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በደፈናው 97 ሴንቲ። ፌሮ አሳሪው የሚሰጠው 64 ሴንቲ ከዚህ ሁለት ሦስተኛው ነው።

የላይኛው ብረት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ኮንክሪት ሲሞላ ከባዱ ጠጠርና አሸዋ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ውኃና አየር ወደ ላይ ይወጣል። በመንገዱ ላይ ተጋድሞ ያገኘው ፌሮ ይገታዋል፤ ከብረቱ ሆድ ሥር ቀጭን የውኃ ኪስ ይቀራል፤ ሲደርቅ ባዶ ይሆናል። ከላይ ስታዩት ብረቱ በኮንክሪት የተከበበ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን በከፊል አየር ላይ ነው። ከሥሩ ያለው ኮንክሪት በጠለቀ ቁጥር መስመጡም ይበዛል። ስለዚህ ኮዱ እንደ እኛ ባለ 50 ሴንቲ ቢም ውስጥ ከግርጌው ከ25 ሴንቲ በላይ ላለ ብረት ቁርኝቱን በ0.7 ያባዛዋል። የላይኛው ብረት መያዣ ርዝመት ከ644 ወደ 920 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ኦቨርላፑ ደግሞ ሦስቱም በአንድ ቦታ ከሆኑ 1 ሜትር ከ38 ይደርሳል። አርባ እጥፉ እዚህ ከግማሽ በታች ነው።

ታዲያ አሮጌው ደንብ ለምን ለዘመናት ሠራ? ያው ስሌት በ300 ሜጋ ፓስካል ብረት ቢደገም መያዣ ርዝመቱ 24 እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ በ1.5 ሲባዛ 36። ለእንዲህ ያለው ለስለስ ያለ ብረት አርባ እጥፍ የታችኛውን ኦቨርላፕ በሙሉ ይሸፍን ነበር፤ ትርፍም ነበረው። ዛሬ ገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው ፌሮ ከዚያ በጣም የበረታ ነው። ብረቱ ሲበረታ የሚስበው ጉልበት ይጨምራል፤ ገጹ ግን ያው ነው፤ ጥርሱም ያው። ስለዚህ ጠንካራ ብረት መግዛት ረዘም ያለ ኦቨርላፕ መግዛት ነው። ይህን የሚያስታውስ ሰው በየሳይቱ ብዙ አላይም።

አሁን ቤርጋችንን ይዘን ወደ ቢሙ እንመለስ። መጀመሪያ የሚመጣው ፈተና የት ይቀጠል የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ፌሮው ከአንዱ ዳር ተነስቶ እስከቻለበት ይደርሳል፤ በወዲያኛው ኮለን አቅራቢያ ያልቃል፤ የጎደለው በቁራጭ ይሞላል። ለብረት ቁጠባ ይመቻል፤ ለቢሙ ግን አይመችም። የላይኛው ብረት በኮለን አጠገብ ይወጠራል፤ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ደግሞ ቢሙ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ በኮለን ፊት ላይኛውም ታችኛውም በየተራ ይወጠራል። ስምጥ ሸለቆ አጠገብ ለሚኖር ሰው ይህ በመጽሐፍ ብቻ የሚነበብ ነገር አይደለም። የአሜሪካው የኮንክሪት ኮድ ለመሬት መንቀጥቀጥ በሚሠሩ ቢሞች ከኮለኑ ፊት የቢሙ ቁመት ሁለት እጥፍ እስኪርቅ ድረስ ኦቨርላፕ ይከለክላል፤ በእኛ ቢም 1 ሜትር ማለት ነው። ደህና ገደብ ነው፤ እኔ ብሆን እሱን አልጥስም።

ስለዚህ የላይኛው ብረት በሁለቱ ኮለኖች መሃል፣ ስበቱ ጥቂት በሆነበት ይቀጠል። የታችኛው ደግሞ ትልቁ ስበት መሃል ላይ ስለሆነ ከመሃል ይሽሽ፤ ከመካከለኛው ኮለን ፊት 1 ሜትር ርቆ ይጀምርና 2 ሜትር አካባቢ ይጨረስ። በስሌት ስበቱ ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ ኮዱ ርዝመቱን እንድንቀንስ ይፈቅዳል፤ ብረቱ ግማሽ ጉልበቱን ብቻ የሚሠራ ከሆነ መያዣው ግማሽ ይበቃዋል፤ እስከ አነስተኛው ወለል ድረስ። ግን ይህ የስትራክቸራል መሐንዲሱ ወረቀት ላይ የሚደረግ ቅናሽ ነው፤ ሳይት ላይ በቃል አይደረግም።

ሌላው መላ ፈረቃ ነው፦ ሦስቱን በአንድ መስመር አለመቀጠል። በየተራ አንድ አንድ ቢቀጠሉ ማባዣው ወደ 1.15 ይወርድና የላይኛው ኦቨርላፕ ከ138 ወደ 106 ሴንቲ ይቀንሳል። በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን በሁለት ኦቨርላፖች መካከል የርዝመቱ 0.3 ያህል ክፍተት ያስፈልጋል፤ ሦስቱ ተደርድረው 3 ሜትር ከ80 ይፈልጋሉ። በኮለኖቹ ፊት መካከል ያለው 5 ሜትር ከ60 ነው፤ ከየዳሩ 1 ሜትር ሲቀነስ 3 ሜትር ከ60 ይቀራል። አይገባም። አንዱን በግራው ስፓን፣ ሁለቱን በቀኙ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ግን በቀኙ ያሉት ሁለቱ በአንድ መስመር ከተቀጠሉ ሁለት ሦስተኛ ስለሚሆኑ ማባዣቸው እንደገና 1.5 ነው። በአጭር ቢም ላይ ፈረቃ ብዙ አያተርፍም፤ 138ቱን መስጠት ይቀላል። ልዩነቱን በብረት እንመዝነው ከተባለ፦ ባለ 16 ፌሮ በሜትር 1.58 ኪሎ ነው፤ ከ64 ወደ 138 ሴንቲ ለመሄድ ለሦስቱ ፌሮዎች 3.5 ኪሎ ብረት ይጨመራል።

በስፋቱ ላይ ግን ይጠንቀቁ። 25 ሴንቲ ስፋት ላይ በሁለት ወገን 3 ሴንቲ ሽፋንና ባለ 8 ስታፋ ሲቀነስ 174 ሚሊ ሜትር ይቀራል። በኦቨርላፑ ቦታ ስድስት ፌሮ ጎን ለጎን ሲተኛ 96 ሚሊ ሜትር ይወስዳል፤ በጥንዶቹ መካከል 39 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል። ኮዱ ቢያንስ የውፍረቱን ሁለት እጥፍ፣ 32 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይበቃል፤ ጠጠርም ያልፋል። አራተኛ ፌሮ ቢኖር ኖሮ አይበቃም ነበር፤ ኮንክሪቱ ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና ፎርምወርኩ ሲፈታ ከሥር ያለው ብረት ራቁቱን ይታያል።

የዳር ኮለኑ ደግሞ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሶ ያመጣዋል። የላይኛው ፌሮ ሙሉ ጉልበቱን እዚያ እንዲያወጣ ከተፈለገ 920 ሚሊ ሜትር ያስፈልገዋል፤ የኮለኑ ስፋት ግን 40 ሴንቲ ነው፤ ሽፋኑ ሲቀነስ 36። ስለዚህ ወደ ታች ይታጠፋል። ርዝመቱ የሚለካው በእጥፋቱ ላይ ተከትሎ ስለሆነ 56 ሴንቲ ወደ ኮለኑ ውስጥ መውረድ አለበት። በብዙ ሳይት የማየው 20 ሴንቲ እጥፋት ነው። 36 ሲደመር 20፣ 56 ሴንቲ፤ ከሚፈለገው ሦስት አምስተኛ ግድም። እጥፋት በራሱ ለርዝመት ቅናሽ ያሰጣል የሚል እምነት አለ፤ ኮዱ ግን 0.7 የሚለውን ቅናሽ የሚፈቅደው በጎን ያለው ሽፋን ከብረቱ ውፍረት ሦስት እጥፍ ሲበልጥ ነው፤ ለባለ 16 ከ48 ሚሊ ሜትር በላይ። 3 ሴንቲ ሽፋን ያለው ቢም አያገኘውም። ማጠፊያውም ጥምዝ መሆን አለበት፤ ለባለ 16 የጥምዙ የውስጥ ዲያሜትር ቢያንስ 64 ሚሊ ሜትር። በቱቦ ተጎትቶ ስለታም የተሰበረ እጥፋት ብረቱንም ውስጡ ያለውን ኮንክሪትም ይጎዳል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ባለቤት ሳያውቀው የሚወድቅበት። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀድሞው የኢትዮጵያ ኮድ ሲ 25 ሲል የኩብ ጥንካሬን ነበር፤ ሳጥን መሳዩ ናሙና 25 ሜጋ ፓስካል ሲይዝ። አዲሱ ኮድ ሁለት ቁጥር ይጽፋል፤ ሲ 25/30 ሲል ሲሊንደሩ 25፣ ኩቡ 30። ዲዛይኑ ሲ 25/30 እያለ ሳይቱ «ሲ 25 አውቀዋለሁ» ብሎ በድሮው ቢሞላ የሚያገኘው ሲ 20/25 ነው። የቁርኝት ጥንካሬው ከ2.7 ወደ 2.25 ይወርዳል፤ ከላይ ያየናቸው ርዝመቶች ሁሉ በ20 በመቶ ይጨምራሉ። የላይኛው ኦቨርላፕ 1 ሜትር ከ66 ሆነ። ብረቱ በ138 ታስሮ ከሆነ አሁን አጭር ነው፤ ማንም ሳይነካው።

ያጠረ ኦቨርላፕ ያለው ቢም እንዴት ይታወቃል? ተራው የጉብጠት ስንጥቅ የቢሙን ጎን ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ብዙ ነው፣ ቀጭን ነው፣ በሸክም የሚጠበቅ ነው። የሚያሳስበው በብረቱ አቅጣጫ ተጋድሞ የሚሄድ ስንጥቅ ነው፤ በቢሙ ሆድ ወይም በጎኑ ላይ ከፌሮው ትይዩ። ከእሱ ጋር በኦቨርላፑ ጫፍ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ሰፋ ያለ አንድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ከታየ ብረቱ መንሸራተት እንደጀመረ መጠርጠር ነው። ተጋዳሚ ስንጥቅ በዝገትም ይመጣል፤ ያ ግን ብዙውን ጊዜ ቡናማ ቀለም ያንጠባጥባል፤ በመዶሻ ሲመታም ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በደንብ የተያዘ ብረት ከመበጠሱ በፊት ይረዝማል፤ ቢሙ ጎንበስ እያለ ያስጠነቅቃል። የኦቨርላፕ መፈልቀቅ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ኮንክሪቱ ከተገሸለጠ ብረቱ የሚይዘው የለም።

ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። የተቀጠሉትን ማፍረስ አያስፈልግም፤ በኦቨርላፑ አጠገብ ያንኑ ውፍረት ያለው ተጨማሪ ፌሮ ይታሰራል፤ ከቅጥያው ወዲህም ወዲያም ሙሉውን ርዝመት እንዲያልፍ። በላይኛው ብረታችን ይህ በእያንዳንዱ ቅጥያ 2 ሜትር ከ76 ቁራጭ ነው። ቦታ ከጠበበ በከፕለር መቀጠል ይቻላል። ሳይት ላይ በብየዳ መቀጠልን ግን፣ ብረቱ የሚበየድ ዓይነት መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ አልመክርም፤ አንዳንዱ ፌሮ በብየዳ ሙቀት ይሰባበራል። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ስትራክቸራል መሐንዲሱ ይሄዳል፤ እሱም መጀመሪያ የሚጠይቀው ከሙሌቱ በፊት የተነሳ ፎቶ እንዳለ ነው፤ ፌሮው ላይ ሜትር ተዘርግቶ የሚታይበት ፎቶ።